ከ81 ላይ 66 መቀነስ እና ሌሎች የመጽሐፍ ቆጠራ ስህተቶች

ጅማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ መንፈሳዊ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም ደንበኛዬ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ስለ መጻሕፍቱ ቁጥር፣ ስለ ኦርቶዶክሱ 81 እና ስለ ጴንጤው 66፣ መከራከር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ከዚህ በኋላ ግን እያንዳንዱን በቃል ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ቁጥርን ከቁጥር መቀነስ

ይሄ ያንገሸገሸኝ ነው። አንዱ ይመጣና «81 ሲቀነስ 66፣ 15 መጻሕፍት አውጥተዋል» ይላል። ሌላው ደግሞ ያንኑ ሂሳብ ገልብጦ «15 ጨምረዋል» ይላል። ሁለቱም ጣታቸውን ይቆጥራሉ እንጂ ማውጫውን ገልጠው አያዩም።

መጀመሪያ ቀላሉን እንይ። አይሁድ መጻሕፍታቸውን 24 ይላሉ። ፕሮቴስታንቶች ብሉይ ኪዳንን 39 ይላሉ። በዚህ የቅነሳ ሂሳብ ከሄድን ፕሮቴስታንቶች 15 ጨምረዋል ማለት ነው። ግን አንዲት ቃል አልጨመሩም፤ ጽሑፉ ያው ነው። አይሁድ ሳሙኤልን አንድ፣ ነገሥትን አንድ፣ ዜና መዋዕልን አንድ፣ ዕዝራንና ነህምያን አንድ አድርገው ይቆጥራሉ። ከሆሴዕ እስከ ሚልክያስ ያሉትን 12 ነቢያትም እንደ አንድ መጽሐፍ ይይዛሉ። እነዚህን ስትነጣጥሉ 24ቱ 39 ይሆናል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቭዮስ ደግሞ 22 ብሏል፤ የዕብራይስጥ ፊደላት ቁጥርም 22 ነው።

አሁን ወደ 81 እንምጣ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ ትላለች፤ ቁጥሩ የታወቀ ነው። ወደዚያ ቁጥር የሚያደርሰው መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም። በሰፊው የሚታወቀው አቆጣጠር ብሉይን 46፣ ሐዲስን 35 ያደርጋል። ሐዲሱ 35 የሚሆነው በ27ቱ ላይ ስምንት የሥርዓት መጻሕፍት ሲደመሩ ነው፦ ሲኖዶስ አራት ክፍል፣ መጽሐፈ ኪዳን ሁለት፣ ቀሌምንጦስ አንድ፣ ዲድስቅልያ አንድ። ሁለተኛው አቆጣጠር ሐዲሱን 27 ላይ ይተወውና ብሉዩን እየነጣጠለ 54 ያደርሰዋል። 46 እና 35 ስትደምሩም 81 ነው፣ 54 እና 27 ስትደምሩም 81 ነው። የተቆጠሩት መጻሕፍት ግን አንድ አይደሉም። «15 ወጥተዋል» የሚለው ሰውዬ ከየትኛው 81 ላይ እንደቀነሰ ብትጠይቁት መልስ የለውም።

ደግሞ 46ቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከ39 የሚበልጠው በሰባት ብቻ ነው፤ በውስጡ ግን ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ መቃብያን፣ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክና ዕዝራ ሱቱኤል አሉ። እንዴት ሊበቃ ቻለ? አንዳንዱ ስለተጣመረ ነው። ሁለቱ ሳሙኤሎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ሁለቱ ነገሥትም እንደዚሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መቃብያን አንድ ላይ ናቸው። በሌላ በኩል መጽሐፈ ምሳሌ ለሁለት ይከፈላል፤ እስከ ምዕራፍ 24 ያለው ምሳሌ፣ ከ25 ጀምሮ ያለው ተግሣጽ ይባላል። ጴንጤው ደንበኛዬ ተግሣጽ የሚለውን ስም ማውጫ ላይ ሲያይ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላል። እቤቱ በየቀኑ የሚያነበው ነው።

ካቶሊኮችም ብሉይን 46 ይላሉ! ከ27ቱ ሐዲስ ጋር 73 ይሆንላቸዋል። ቁጥሩ ከኛው 46 ጋር ስለገጠመ ይዘቱም አንድ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። በካቶሊኩ ውስጥ ሄኖክም ኩፋሌም የሉም። በዚያ ላይ የካቶሊኩ ዳንኤልና አስቴር ከፕሮቴስታንቱ ይረዝማሉ፤ ሶስና የምትገኘው ዳንኤል ውስጥ ነው። ይህ ጭማሪ በቁጥር አይታይም፣ መጽሐፉ ያው አንድ ተብሎ ተቆጥሯልና።

ስለዚህ ስትገዙ ሽፋን ላይ ያለውን ቁጥር ትታችሁ ማውጫውን ግለጡ። ሲኖዶስ የሚፈልግ ሰው በአንድ ጥራዝ የታተመውን 81 ገዝቶ ሄዶ በነጋታው ተመልሶ ሲቆጣኝ ደስ አይለኝም። እሱ ለብቻው የሚታተም መጽሐፍ ነው።

መቃብያን ሁሉ አንድ መምሰሉ

አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች ሱቄ ውስጥ ተፋጠጡ። አንዱ ወንጌላዊ ነው፣ አንዱ የሰንበት ተማሪ። ወንጌላዊው «ለሙታን መጸለይን ያመጣችሁት ከሁለተኛ መቃብያን 12 ነው» አለ። የሰንበት ተማሪው «አዎ፣ ተጽፏል!» ብሎ ጥቅሱን መከላከል ጀመረ። ክርክሩ ጋለ፤ ቡና ሊጠጣ የገባ ሙስሊም ጎረቤቴ ሳይቀር ስኒውን ይዞ ተጠጋ። ከመደርደሪያው 81ዱን አውርጄ «አንብቡልኝ» አልኳቸው። ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12ን አገላብጠው አገላብጠው የሚሉትን ነገር አጡት። ኦቦ ጎረቤቴ «ታዲያ ይህን ሁሉ የተጯጯኻችሁት በሌለ ነገር ነው?» ብሎ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቶሊኮችና የግሪኮቹ መቃብያን ስለ አንጥያኮስ አራተኛና ስለ ይሁዳ መቃቢስ ጦርነት ይተርካል፤ ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆነ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 12 ይሁዳ በጦርነት ለወደቁት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ገንዘብ ይልካል። በ1519 ላይፕሲግ ከተማ ሉተርና የካቶሊኩ መምህር ዮሐንስ ኤክ ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጥቅስ ነው፤ ኤክ የመንጽሔን ትምህርት ለመደገፍ ጠቀሰው፣ ሉተር መጽሐፉ ከቀኖናው፣ ማለትም ከቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር፣ ውስጥ አይደለም ብሎ መለሰ። ወንጌላዊው ያነበበው ካቶሊኮችን ለመሞገት የተጻፈ መጽሐፍ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

የኛ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ የሚጀምረው ጣዖት አምላኪ በሆነው በንጉሥ ጺሩጻይዳን ነው። ለጣዖቱ አንሰግድም ያሉ ወንድማማቾችን ሰማዕትነት ይተርካል፣ ስለ ትንሣኤ ሙታንም አጥብቆ ያስተምራል። ስሙ ብቻ ነው የሚገጥመው። ለመለየት ምዕራፍ አንድ ይበቃል፦ ጺሩጻይዳን ካለ የኛው፣ እስክንድርና አንጥያኮስ ካሉ የግሪኩ ነው። ስለ ፍትሐት መከራከር የሚፈልግ ይከራከር፣ ግን በያዘው መጽሐፍ ይሁን።

«ኒቅያ ላይ ተወሰነ» ማለት

በ325 የኒቅያ ጉባኤ ካወጣቸው 20 የሥርዓት ድንጋጌዎች አንዱም ስለ መጻሕፍት ዝርዝር አይናገርም። አለቀ።

መጀመሪያ ላይ አንድ ሙሉ ዝርዝር ነበር ብሎ መነሳት

«ማን ቀነሰ፣ ማን ጨመረ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ከዚህ ይመጣል። ሁሉም በአንድ ዝርዝር ጀምረው ከዚያ አንዱ የሸሸ ይመስላቸዋል።

ቅዱስ አትናቴዎስን እንውሰድ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነው፤ ስለዚህ ለኛ ሩቅ ሰው አይደለም። በ367 በጻፈው የፋሲካ ደብዳቤው የመጻሕፍት ዝርዝር ሰጥቷል። ሐዲሱ ዛሬ የምናውቀው 27 ነው። ብሉዩን ግን 22 ይላል፤ ባሮክን ከኤርምያስ ጋር ያስገባል፣ አስቴርን ያስወጣል። አስቴርን፣ ጥበብን፣ ሲራክን፣ ዮዲትንና ጦቢትን አዲስ አማኞች ይማሩባቸው ዘንድ የሚነበቡ ብሎ ለብቻ ያስቀምጣቸዋል። በሄኖክ ስም የሚነገሩ መጻሕፍትን ደግሞ በዚያው ደብዳቤ ይነቅፋል። እንግዲህ ይህ ዝርዝር 66 ነው? አይደለም። 73ም አይደለም፣ 81ም አይደለም። የዛሬ አንድም ቤተ ክርስቲያን ብሉይ ኪዳኑን ልክ እንደ አትናቴዎስ አይቆጥርም።

ያኔ የነበረው አንድ ዝርዝር ሳይሆን ሁለት ዓይነት ስብስብ ነው። አንዱ ዕብራይስጡ፣ ሌላው ግሪክኛ ተናጋሪ አይሁድና ክርስቲያኖች የሚያነቡት ሰፋ ያለ ስብስብ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጀሮም የዕብራይስጡን ድንበር መረጠ፣ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ሰፊውን። በ397 የካርታጎ ጉባኤ ከአውግስጢኖስ ጋር ሆነ፣ ሮምም በ1546 በትሬንት ጉባኤ ያንን አጸናች። ፕሮቴስታንቶች የጀሮምን መስመር ያዙ። አክሱም ላይ ደግሞ መጻሕፍቱ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ሲተረጎሙ ሄኖክና ኩፋሌም አብረው መጡ። ሌላው ዓለም መገልበጡን ሲተው እዚህ ገዳማት ውስጥ መገልበጡ ቀጠለ። ሙሉ ሄኖክ ዛሬ የሚገኘው በግእዝ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

«ሉተር ቀዶ ጣላቸው»

አልጣላቸውም። እንደ ጦቢትና ዮዲት ያሉትን መጻሕፍት በ1534 ባሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በብሉይና በሐዲስ መካከል አስቀመጣቸው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል ባይሆኑም ለማንበብ ጠቃሚና መልካም ናቸው ብሎ ጽፎባቸዋል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉምም ነበሩት።

ከእጅ የጠፉት በኋላ ነው፣ በማተሚያ ቤት በኩል። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1826 እነዚህን መጻሕፍት የያዘ እትም በገንዘቡ ላለመደገፍ ወሰነ። የአቡ ሩሚን የአማርኛ ትርጉም ሙሉውን በ1840 ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው። የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በ66 ወጣ። አማርኛም ኦሮምኛም በሚነገርባት ጅማ የብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ የኅትመት ታሪክም የመጣ ነው።

«ይሁዳ ጠቅሶታል፣ ስለዚህ…»

የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ሄኖክን ይጠቅሳል። እውነት ነው። ሐዋርያት የሄኖክን መጽሐፍ ያውቁትና ያከብሩት እንደነበር ጥሩ ማስረጃ ነው። የጥንት የአይሁድ ጽሑፎች በተገኙባቸው በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎችም የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ ተገኝተዋል፤ አስቴር ግን እዚያ አልተገኘችም። መጠቀስ ብቻውን ግን መጽሐፍን ቀኖና አያደርግም። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 17፥28 የግሪክ ባለቅኔ ቃል ይጠቅሳል፣ ቲቶ 1፥12 ላይ ደግሞ የአንድ የቀርጤስ ሰው አባባል። ሄኖክን የሚቀበል ሰው የተቀበለበት ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑ ከጥንት ጀምሮ ስላነበበችው ነው ቢል ይሻለዋል፤ ያንን በይሁዳ ጥቅስ ብቻ ማፍረስም ማጽናትም አይቻልም። አስቴር ቁምራን ውስጥ አለመገኘቷን ይዞ ልክ እንደዚሁ በግልባጩ የሚከራከር ሰውም ባለፈው መጥቶ ነበር፤ እሱን አንድ ስኒ ቡና ጋብዤ ሸኘሁት።