የመጀመሪያው መቼ ይጨርሳል? የመጨረሻውስ?

ባንክ ገብታችሁ ሦስቱም መስኮቶች ሰው ይዘዋል እንበል። በየመስኮቱ ያለው የአገልግሎት ጊዜ ኤክስፖኔንሻል የተባለውን የዕድል ስርጭት ይከተላል፣ አማካዩ 6 ደቂቃ፤ አንዱ መስኮት ሌላውን አይነካም። ተማሪዎቼን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የመጀመሪያው መስኮት መቼ ይለቀቃል? ሦስቱም ደንበኞችስ መቼ ጨርሰው ይወጣሉ?

አንደኛው ስህተት አማካዮችን መደመር ነው። የሚደመረው ፍጥነቱ ነው። በደቂቃ 1/6 ደንበኛ ሦስት ጊዜ ሲደመር 1/2 ይሆናል። ስለዚህ ትንሹ ጊዜ ራሱ ኤክስፖኔንሻል ሆኖ አማካዩ 2 ደቂቃ ነው። ትንሹ ከአንድ ጊዜ t እንዲበልጥ ሦስቱም ከ t መብለጥ አለባቸውና።

ሁለተኛው፦ «ያኛው ቀድሞ ስለገባ ቶሎ ይወጣል» ማለት። ኤክስፖኔንሻል ያለፈውን አያስታውስም። አሁን የገባውም፣ ሩብ ሰዓት የቆየውም በአማካይ 6 ደቂቃ ይቀራቸዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የትንሹ ስርጭት ኤክስፖኔንሻል ስለሆነ የትልቁም ነው ብሎ መደምደም! አይደለም። ትልቁ ከ t በታች የሚሆነው ሦስቱም ከ t በታች ሲሆኑ ነው፤ ዕድሉም (1 − e^(−t/6))³ ነው። ይህ በምንም ብልሃት ወደ ኤክስፖኔንሻል አይለወጥም።

አማካዩን ደረጃ በደረጃ እንየው። የመጀመሪያው ሰው እስኪወጣ 2 ደቂቃ። ሁለት ሰው ቀረ፤ ያለፈው ስለማይቆጠር ቀጣዩ እስኪወጣ 3 ደቂቃ። የመጨረሻው ብቻውን 6 ደቂቃ። በድምሩ 11። እዚህ ድረስ በትክክል የደረሰ ተማሪ «እንግዲህ አማካዩ 11 የሆነ ኤክስፖኔንሻል ነው» ብሎ ሁሉንም ያበላሸዋል። ልዩነቱን ተመልከቱ። ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የመጨረሳቸው ዕድል በተሳሳተው መንገድ 9 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ እውነተኛው ግን 0.4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከ30 ደቂቃ በላይ የመቆየቱ ዕድል ደግሞ 6.5 በመቶ ይመስላል፤ ትክክለኛው 2 በመቶ ነው። ለማጣራት መደበኛ ልይይቱን አስሉ። ኤክስፖኔንሻል ቢሆን ከአማካዩ ጋር እኩል፣ 11 ይሆን ነበር። የሦስቱ ደረጃዎች ቫሪያንስ 4፣ 9 እና 36 ነው፤ ድምሩ 49፣ ሥሩ 7።

ፍጥነታቸው ሲለያይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዱ መስኮት በአማካይ 4፣ ሌላው 12 ደቂቃ ይፈጅ እንበል። ፈጣኑ የመቅደሙ ዕድል 3/4 ነው። «በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አንዱ ከተለቀቀ ያለጥርጥር ፈጣኑ ነው» የሚሉ አሉ። አሁንም 3/4 ነው! ማን እንደቀደመ እና መቼ እንደቀደመ አይገናኙም።

በመጨረሻ፣ «ሲስተም የለም» ሲባል ሦስቱም መስኮቶች አብረው ይቆማሉ። ያን ጊዜ የሦስቱን ዕድል እርስ በርስ ማባዛቱ አይሠራም፤ መስኮቶቹ ነጻ አይደሉምና። የባንኩን መዝገብ ካገኛችሁ የተለቀቁበትን ሰዓት በሴኮንድ እዩ። ነጻ ከሆኑ ሁለት መስኮቶች በአንድ ቅጽበት መለቀቃቸው ብርቅ ነው። ደጋግሞ ከታየ ቀመሩን ከመንካታችሁ በፊት አብሮ የሚያቆማቸውን ነገር ፈልጉ።