ጭርት ነው ወይስ ችፌ? በልጅ ቆዳ ላይ የወጣን ክብ ምልክት መለየት

ምልክቱ፦ በልጁ ክንድ ላይ የሚያሳክክ ክብ ነገር ወጥቷል። ብዙ ወላጅ ክብ ካየ ጭርት ነው ብሎ ይደመድማል፤ ሆኖም ሳንቲም የመሰለ ችፌም ስላለ ክብነቱ ብቻውን አይለየውም። የሚለየው በመሃሉና በጠርዙ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ልጁን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ጣትዎን ከክቡ መሃል ወደ ውጭ በቀስታ ያንሸራቱ። ጭርትን የሚያመጣው ፈንገስ የቆዳውን የላይኛውን ሽፋን እየበላ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎና ቅርፊት ይዞ ይሻክራል፤ መሃሉ ግን እየጠራ ይሄዳል። በችፌ ላይ መሃሉም ዳሩም አንድ ዓይነት ነው፤ ሲያገረሽ ውሃ ይቋጥርና ይደርቅበታል፣ ሲቆይ ደግሞ ይወፍራል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ስለማይታይ ከቀለሙ ይልቅ በዚህ ዳሰሳ መተማመን ይሻላል።

ማሳከኩም ይረዳል። የችፌ ማሳከክ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይብሳል፣ ለወራት እየተመላለሰ ሁለቱንም የክርን ወይም የጉልበት መታጠፊያዎች ይይዛል። ጭርት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምርና ከሳምንት ሳምንት ይሰፋል፤ በቤት ውስጥ ፀጉሩ የሚረግፍ ድመት ወይም ጥጃ መኖሩም ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ስህተት የሚከተለው ነው። የ5 ዓመት ልጅ ጭርት ይወጣበታል፤ እናቱ ችፌ መስሏት የስቴሮይድ ቅባት ትቀባዋለች። ስቴሮይዱ የቆዳውን ቁጣ ስለሚያበርድ ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፣ እርሷም መድኃኒቱ ሠራ ትላለች። ፈንገሱ ግን አልሞተም፤ ቅባቱ ሲቆም ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል፣ የሚለይበት ጠርዝም ደብዝዟል። በዚህ ጊዜ ስቴሮይዱን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ በዚያም ከጠርዙ ቅርፊት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ናሙናው ሳይወሰድ የፈንገስ ቅባት ከተጀመረ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

መፍትሄው፦ ጭርት ከሆነ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል የተባለው የፈንገስ ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይቀባል፤ ሕክምናው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚወስድ ምልክቱ ጠፋ ተብሎ ወዲያው መቋረጥ የለበትም። ችፌ ከሆነ ልጁ ከታጠበ በኋላ ቆዳው እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ይቀባል፣ ሽታ ያለው ሳሙና ይቀራል፤ ስቴሮይድ የሚጨመረው በባለሙያ ምክር ነው።

ራስ ላይ ወጥቶ ፀጉር የሚያረግፈው ቆረቆር በቅባት ብቻ ስለማይድን የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ሲነካ የማይሰማና ነጣ ያለ ምልክት ከታየ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ቅባት ሳይሞከርበት በሐኪም ይታይ።