በ2,700 ብር የተገኘ ትውውቅ

ጅማ ውስጥ በተካሄደ የሒሳብ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ስገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይን አፋር ነኝና እስከ ቡና ሰዓት ከግድግዳው አልተላቀቅኩም። በኋላ ዘዴ ቀየርኩ፤ ራሴን ማስተዋወቁን ትቼ የተቸገርኩበትን ይዤ ጠና ያሉ ሴት አጠገብ ቆምኩ።

«እትዬ፣ የባንክ ማስታረቂያዬ በ2,700 ብር አልገጥም አለኝ።»

ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ «ለ9 ይካፈላል?» አሉኝ። ይካፈላል፤ 300 ይደርሳል።

«እንግዲያው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ተገላብጠው ይሆናል፤ በ3 የሚበላለጡትን ፈልጊ። ካጣሽ ዜሮ የተዘለለበትን እዪ፤ 3,000 በ300 ቢጻፍም ልዩነቱ ያው ነው።» ስልካቸውን በወረቀቴ ጀርባ ጻፉልኝ።

በማግስቱ አገኘሁት፤ ቼኩ 5,200፣ መዝገቤ 2,500። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ።

«የእኔም በ45 ብር ቆሟል» አሉኝ፤ «ነይና አብረን እንየው።»