«ታታሪና ታማኝ ናት» ብቻ አይበቃም፦ ለሚለቅ ሠራተኛ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ከንብረት ክፍላችን አንዲት ባልደረባ መልቀቂያ አስገባች። አራት ዓመት አብራን ሠርታለች። የምትሄደው ወደ አንድ የግል ሆስፒታል መድኃኒት ግምጃ ቤት ነው፣ ሁለት ረዳቶች ይኖሯታል። ከእኔ የፈለገችው የቅርብ አለቃ የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ፋይሏን አስመጣሁ። በየስድስት ወሩ የተሞሉ ስምንት የምዘና ቅጾች ወጡ። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፣ 3 ማለት የሚጠበቀውን አሟልታለች ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አብዛኞቹን ዛሬ ባነባቸው አልፈርምባቸውም። ከእነዚያ ደብዳቤዎችና ከዚህኛው የተማርኩትን በየተራ ላስቀምጥ።

የሥራ ልምድ ወረቀትን በሌላ ስም መጻፍ

ብዙዎቻችን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ አገልግላለች» ብለን እንጀምርና መጨረሻው ላይ «መልካሙን ሁሉ እንመኝላታለን» እንላለን። ይሄ የሥራ ልምድ ወረቀት ነው። እሱን መስጠት ደግሞ የአሠሪው ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። የሰው ኃይል ክፍል ይጽፈዋል፣ አለቀ። የድጋፍ ደብዳቤ ግን ሥራውን እንዴት እንደሠራች የሚናገር ነው። ይህንን መናገር የሚችለው ሥራዋን በቅርብ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ቀኑና የሥራ መደቡ በአንድ መስመር ይበቃቸዋል።

«አንቺው ጻፊውና አምጪልኝ፣ እፈርምልሻለሁ»

ይሄ እኛ ጋ በጣም የተለመደ ነው። ሥራ ሲበዛ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ሠራተኛዋን ከባድ ቦታ ላይ ነው የሚጥላት። ራሷን እንዳታወድስ ይሉኝታ ይይዛታል፤ ስለዚህ ወይ ከሚገባት በታች ትጽፋለች፣ ወይ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነገር ታመጣለች። ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ነገር እናንተም አታውቁትም። ተደውሎ ስትጠየቁ የምትሉት ይጠፋችኋል።

ከእሷ መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። የምታመለክትበትን የሥራ ማስታወቂያ አምጪ በሏት። አራት ዓመት ውስጥ «ይሄን ሠርቻለሁ» የምትላቸውን አራት አምስት ሥራዎች በአጭሩ ትጻፍላችሁ። ያንን ከቅጾቹ ጋር ማመሳከርና ደብዳቤውን መጻፍ የአለቃ ሥራ ነው።

ቅጽል መደርደር፣ ወይም ቁጥሩን ብቻ መገልበጥ

ከዓመታት በፊት ለአንድ ባልደረባዬ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሥራ ወዳድና በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ» ብዬ ጻፍኩለት። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደወለልኝ። ሴትየዋ በትሕትና «እስቲ ታታሪነቱን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ይንገሩኝ» አለችኝ። ሰውየው በእርግጥ ታታሪ ነበር። እኔ ግን ለመናገር ዝግጁ የሆነ አንድም ነገር አልነበረኝም። ዝም ስል የሰማችው ምን እንደሆነ እገምታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። «በአፈጻጸም ምዘና አማካይ ውጤቷ 4.1 ነው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ይሄም አይረዳም። አንባቢው የእኛን መለኪያ አያውቅም። 4.1 ከ5 ይሁን ከ10 አያውቅም። አንዳንድ ክፍል ውስጥ 4 ለሁሉም የሚታደል ውጤት ነው፣ ሌላው ጋ 4 ያገኘ ሰው ይወራለታል። አማካይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ያደርጋል፤ ጎበዝ የሆነችበትንና የተቸገረችበትን አንድ ላይ አቅልጦ ሁለቱንም ይደብቃል።

ቁጥሩ ጠቋሚ ነው። ዋናው ነገር ያለው ከቁጥሩ አጠገብ ባለው «ማብራሪያ» በምትለው ጠባብ ዓምድ ውስጥ ነው። የእሷን ቅጾች ሳገላብጥ «የንብረት መዝገብ አያያዝ» የሚለው መመዘኛ በመጀመሪያው ዓመት 3 ነው። ቀጥሎ 4 ሆነ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት 5 ነው። ማብራሪያው ላይ የሰኔ 30 ቆጠራ ውጤት ተጽፏል። በመጀመሪያው ዓመት በ31 የዕቃ ዓይነቶች ላይ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድና መደርደሪያው አልተገናኙም። በመጨረሻው ቆጠራ ልዩነት የተገኘው በሁለት ላይ ብቻ ነው።

እና ደብዳቤው ላይ ይህንን ጻፍኩ፦

«ሥራውን ስትጀምር በዓመታዊ ቆጠራ በ31 የዕቃ ዓይነቶች ላይ የመዝገብና የቆጠራ ልዩነት ነበር። በአራተኛ ዓመቷ ልዩነቱ ወደ ሁለት ወርዷል። የሁለቱንም መነሻ የሞዴል 22 የዕቃ ወጪ ደረሰኞችን አንድ በአንድ አመሳክራ በሦስት ቀን ውስጥ አግኝታለች። ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ዕቃ እንዳይወጣ ስታደርግ ጠያቂው ማንም ይሁን ማን አልለየችም። በዚህ መመዘኛ ባለፉት ሁለት ዓመታት የሰጠኋት ውጤት የመጨረሻው ከፍተኛው ነው፤ በክፍሉ ካሉ ሰባት ሠራተኞች ይህንን ያገኘችው እሷ ብቻ ናት።»

«ታማኝ» የሚል ቃል የለበትም። ግን መድኃኒት ቤቱን ሊያስረክባት ያሰበ ሰው ማወቅ የሚፈልገውን ያገኛል። ቁጥሩም ቢሆን የገባው ምን ማለት እንደሆነ ከተነገረለት በኋላ ነው፤ ከስንት ሰው መካከል እንደሆነም ተጽፏል።

ቅጹ ላይ አሥር መመዘኛ ቢኖር አሥሩንም አትጻፉ። እኔ የሥራ ማስታወቂያውን ከጎን አስቀምጬ ሦስት መረጥኩ፦ የመዝገብ አያያዝ፣ ሥራን በጊዜ ማድረስ፣ ሰው ማስተባበር። ሁለተኛውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። ሦስተኛው ግን አስቸገረኝ።

ዝቅተኛውን ውጤት መደበቅ ወይም በቅኔ መናገር

ሰው ማስተባበር ላይ ውጤቷ መጀመሪያ 2 ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል 2 ላይ ቆየ። ከዚያ 3 ሆነ። አንድ ረዳት ነበራት፤ እሱን ከማሠራት ይልቅ ሁሉንም ራሷ መሥራት ይቀናታል። እሷ ላይ ታች ስትል ረዳቷ ቆሞ ያያታል። አሁን የምትሄድበት ቦታ ደግሞ ሁለት ረዳት አለ።

እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው ውጤቱን ከፍ አድርጎ መጻፍ ነው። «ቡድን በመምራት የላቀች» ብል ጥሩ የዋልኩላት ይመስለኛል። ግን በሦስተኛ ወሯ ላይ አዲሱ አለቃዋ የጠበቀውን ሲያጣ፣ ስለ መዝገቧ የጻፍኩትን እውነት ጭምር መጠራጠር ይጀምራል። ሁለተኛው ስህተት ሰምና ወርቅ ነው። «አቅሟ በፈቀደ መጠን ሠራተኞችን ለማስተባበር ጥረት አድርጋለች» ዓይነት አነጋገር። ላይ ላዩን ምስጋና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ስለት ነው። ልጅቷ እያመሰገንናት መስሏት ይዛው ትሄዳለች። ይሄ በጣም የምጠላው ነገር ነው።

መመዘኛው ለአዲሱ ሥራ የማያስፈልግ ከሆነ መተው ይቻላል፤ ማንም አይጎዳም። የሚያስፈልግ ከሆነ ግን የነበረውንና የተለወጠውን በቀጥታ መናገር ይሻላል። የምዘና ቅጹ ላይ እሷም ፈርማለች፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይሆንባትም። እንዲህ አልኩ፦

«በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሥራ ለረዳቷ ከማካፈል ይልቅ ራሷ መሥራት ይቀናት ነበር፤ በምዘና ወቅትም ተነጋግረንበታል። ከዚያ ወዲህ ዕለታዊ ርክክቡን ለረዳቷ ሰጥታ፣ እሷ በየሳምንቱ ዓርብ ሃያ ሃያ ዕቃ እየመረጠች ሥራውን ትፈትሻለች። በዚህ በኩል አሁን የሚጠበቀውን ታሟላለች።»

ከመፈረሜ በፊት አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና «የዓርቡን መጻፍህ ደስ ብሎኛል» አለች። ባትስማማ ኖሮ ያንን አንቀጽ አወጣው ነበር፤ ግን «ሰው ትመራለች» የሚል ዓረፍተ ነገር በቦታው አልተካም ነበር።

የመጨረሻውን ወር ማየት

መልቀቂያ ካስገባች በኋላ ርክክቡ ተጓቷል። ክሊራንሷን ለመጨረስ ስትሯሯጥ ሁለት ሪፖርት አዘገየች። ተናድጄ ነበር። የዚያን ሳምንት ብጽፈው ኖሮ ደብዳቤው ቀዝቃዛ ይሆን ነበር። በተቃራኒው የሽኝቱ ቀን፣ ኬኩ ተቆርጦ ንግግር ከተደረገ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉም ነገር 5 ይሆናል። ሁለቱም የአንድ ቀን ስሜት ነው። ስምንቱን ቅጾች በቀን ቅደም ተከተል መደርደር የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ሥራን በጊዜ ማድረስ የሚለው መመዘኛ በሰባቱ 4 ነው፣ በመጨረሻው 3። በደብዳቤው የጻፍኩት የሰባቱን ነው።

የማይመለከተውን መጨመር

የወሊድ ፈቃዷ፣ ሕመሟ፣ የቤተሰቧ ነገር፣ ሃይማኖቷ፣ ለምን እንደለቀቀች፤ ለበጎ አስባችሁም ቢሆን አትጻፉ። «ልጅ ይዛም ቢሆን ጠንክራ ሠርታለች» የሚለው ምስጋና ሳታስቡት ቀጣሪው ጆሮ ላይ ሌላ ነገር ይጥላል። የምዘና ቅጹንም አባሪ አታድርጉ፤ የግል ማኅደሯ አካል ነው፣ ያለ እሷ ፈቃድ ከቢሮ መውጣት የለበትም።

ማህተምና የድርጅቱ አርማ ያለበት ወረቀት ላይ ከመጻፋችሁ በፊትም የሰው ኃይል ክፍልን ጠይቁ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት በድርጅቱ ስም የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ በተራ ወረቀት፣ በራሳችሁ ስም፣ «ከዚህ እስከዚህ ጊዜ የቅርብ ኃላፊዋ ነበርኩ» ብላችሁ ስልካችሁን ጽፋችሁ መፈረም ትችላላችሁ።

የደብዳቤውን ቅጂ ከቅጾቹ ጋር አያይዤ ነበር ያስቀመጥኩት። ነሐሴ ላይ ሆስፒታሉ ሲደውል ሰውየው ስለ መዝገቡ ብዙም አልጠየቀኝም። «ሁለቱን ረዳቶች ትችላቸዋለች ወይ?» ነበር ጥያቄው። ፋይሉን ከፈትኩና የዓርቡን ፍተሻ ነገርኩት። መጀመሪያ እንደሚከብዳት፣ ሥራውን ለማን እንደምትሰጥ ቁጭ ብለው በጽሑፍ ቢለዩላት እንደሚያግዛትም ጨመርኩለት። «እንደዚያ እናደርጋለን» አለኝ።