ሁለተኛው ሱቅ የመጀመሪያውን እንዳይበላው፦ ቅርንጫፍ ሲከፈት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱቁ ገበያው ደርቶለታል፣ ደንበኛውም ይሰለፋል። ባለቤቱ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ቢያስብ አይገርምም። ብዙዎች ጥሩ ቦታ ካገኙ የቀረው ቀላል ይመስላቸዋል። እኔ ግን የሚፈሩት ስህተቶች ሂሳቡና የባለቤቱ ጊዜ ላይ ያሉት ናቸው ባይ ነኝ።

የአዲሱን ሱቅ ሽያጭ በሙሉ እንደ አዲስ ገቢ መቁጠር

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። አዲሱ ሱቅ ለድሮው ቅርብ ከሆነ፣ ከሚገቡት ሰዎች ከፊሎቹ ድሮም የእርስዎ ደንበኞች ናቸው። ገንዘቡ ከአንድ ኪስዎ ወጥቶ ሌላው ኪስዎ ገባ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ሱቅ በወር 100 ይሸጣል እንበል። ከ100 ሽያጭ ላይ የዕቃው መግዣ ሲቀነስ 30 ይተርፋል። አዲሱ ሱቅ በወር 60 ይሸጣል ተብሎ ታቅዷል፤ ኪራዩ፣ ደሞዙና መብራቱ ተደምሮ 14 ነው። ከ60ው ሽያጭ 18 ይተርፋል፣ 14 ወጪ ሲነሳለት 4 ትርፍ ይቀራል። ወረቀት ላይ ያምራል።

አሁን ከ60ው ውስጥ 20ው ከድሮው ሱቅ የዞረ ነው ብለን እናስብ። በእርግጥ አዲስ የሆነው ሽያጭ 40 ብቻ ነው፤ ከሱ የሚተርፈው 12 ነው። ወጪው ግን ያው 14 ነው። ሁለቱ ሱቆች ተደምረው፣ አንድ ሱቅ ብቻ ከነበረበት ጊዜ በ2 ያነሰ ያተርፋሉ። የሚያታልለው ደግሞ የአዲሱ ሱቅ መዝገብ ለብቻው ሲታይ አሁንም 4 ትርፍ ማሳየቱ ነው። የጎደለው ድሮው ሱቅ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ የኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊት የአዲሱን ሱቅ ወርሃዊ ወጪ፣ ከሽያጩ የዕቃው መግዣ ተቀንሶ ለሚተርፈው ድርሻ ያካፍሉ። በምሳሌያችን 14 ለ0.30 ሲካፈል 47 ገደማ ይመጣል። ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 47 የሚሆን አዲስ ሽያጭ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከ60ው ውስጥ ከ13 በላይ ከድሮው ሱቅ ከዞረ ኪሳራ ነው።

ደንበኛው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ቦታ መምረጥ

የሚዞረውን ሽያጭ አስቀድሞ በግምት ማወቅ ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ያህል ገንዘብ ተቀባዩ ሲያስከፍል የደንበኛውን ሰፈር ይጠይቅና ከከፈለው ሂሳብ ጋር ይመዝግብ። የሰው ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ጥቂት ሰዎች ትልቁን ግዢ የሚገዙ ከሆነ ወሳኙ የእነሱ ሰፈር ነው። ከዚያ ለአዲሱ ቦታ የሚቀርቡትን ሰዎች ግዢ ይደምሩና የወር እንዲሆን በሁለት ያባዙት። ሁሉም አይዞሩም፣ ግን የመጀመሪያውን ሂሳብ ሁሉም እንደዞሩ አድርገው ይሥሩት። ያኔም የሚያዋጣ ከሆነ ልብዎ ያርፋል።

ሱቁ የሚሠራው በእርስዎ መኖር መሆኑን መርሳት

በአንድ ሱቅ ባለቤቱ ሳይታወቀው ብዙ ነገር ይሠራል። ዕቃ ሊያልቅ ሲል ያያል፣ ዱቤ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል፣ የቀኑን ገንዘብ ራሱ ይቆጥራል። አዲሱ ሱቅ ሲከፈት ሙሉ ቀኑን እዚያ ያሳልፋል፤ ድሮው ይላላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ውል ሳይፈርሙ ድሮውን ሱቅ ለአንድ ወር ለኃላፊ ይተዉት፤ በስልክም አይምሩት። ከወሩ በፊትና በኋላ ዕቃው ይቆጠር። የጎደለው ዕቃና ገንዘብ ከወትሮው ጨመረ? ቶሎ የሚሸጡ ዕቃዎች ስንት ቀን ከመደርደሪያ ጠፉ? መልሱ መጥፎ ከሆነ የጎደለው ሌላ ሱቅ ሳይሆን ኃላፊና የተጻፈ አሠራር ነው። የዚያ ኃላፊ ደሞዝም ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ጎበዙን ሠራተኛ ወደ አዲሱ መላክም ልክ ነው፣ ተተኪው አስቀድሞ ከሠለጠነ።

የሁለቱን ሱቅ ሂሳብ መቀላቀል

ካዝናውም መዝገቡም ለየብቻ ይሁን። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ዕቃ ሁሉ ይጻፍ፤ አለዚያ የተሰረቀው «ወደዚያኛው ሄዷል» ተብሎ ይቀራል።

የድሮው ሱቅ ሽያጭ ሲወርድ ምክንያቱን አለመለየት

ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያወዳድሩ፤ ካለፈው ወር ጋር ሲያወዳድሩ ወቅቱ ያሳስትዎታል። የደረሰኝ ብዛት ቀንሶ የአንዱ ደረሰኝ አማካይ መጠን እንደነበረ ከቆየ፣ ደንበኛው ወደ አዲሱ ዞሮ ይሆናል። የደረሰኙ ብዛት ሳይቀንስ አማካዩ ካነሰ ግን ሰው እየመጣ የሚፈልገውን እያጣ ይሆናል፤ መደርደሪያውንና የዕቃ ትዕዛዙን ይመርምሩ። ሁለቱም አንድ ላይ ከወረዱ ቶሎ ወደ ድሮው ሱቅ ይመለሱ፤ አዲሱ ለጥቂት ሳምንታት ያለእርስዎ ይቆይ።