ብድግ ሲሉ ዓይን ሲጨልም፦ ግፊት ብቻ ሳይሆን የልብ ምትም ቁጠሩ

እዚህ አዳማ ሙቀቱ ሲጠና ክሊኒካችን ውስጥ በብዛት የምሰማው "ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል" የሚለውን ነው። ብዙ ሰው "ደም አንሶኝ ይሆናል" ብሎ ይደመድማል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከቆምክ በኋላ ስንት ሰከንድ ይቆይብሃል?

ስንቆም ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ስለሚቀንስ ግፊቱም ይወርዳል። ይህን ቀድመው የሚያውቁት ባሮሪሴፕተር የሚባሉ የነርቭ ጫፎች ናቸው። አንገት ላይ ባለው ትልቅ የደም ሥርና ከልብ በሚወጣው ዋናው የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገኛሉ። ግድግዳው በግፊት ሲለጠጥ ወደ አንጎል ግንድ ብዙ ምልክት ይልካሉ፣ ሲላላ ምልክቱ ይቀንሳል። አንጎል ምልክቱ ሲያንስበት መጀመሪያ ቬገስ የሚባለውን ነርቭ ያላላል። ቬገስ የልብ ፍሬን ነው። ስለዚህ ምቱ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ መጨመር ይጀምራል። የደም ሥሮችን የሚያጠብበው ሌላው የነርቭ መስመር ግን ትንሽ ይዘገያል፣ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል።

ምልክት፦ ወዲያው ይጨልማል፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃል

ምክንያቱ ያ መዘግየት ነው። ስንነሳ የእግር ጡንቻ ይሠራል፣ ሲሠራ የራሱን የደም ሥሮች ይከፍታል፣ የሚያጠብበው ትዕዛዝ ደግሞ ገና አልደረሰም። በ10 ሰከንድ አካባቢ ግፊቱ በጣም ዝቅ ይልና ይመለሳል። የቤት መለኪያ ማሽን ይህን አይይዘውም፤ ነፍቶ አስተንፍሶ ቁጥር እስኪያወጣ ግፊቱ ተስተካክሏል። "ለካሁት፣ ደህና ነው" የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም።

መፍትሄው፦ ከመነሳትህ በፊት ጭንህንና ባትህን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደጋግመህ አጥብቅ፣ ልቀቅ። ተኝተህ ከሆነ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥ። ከቆምክ በኋላ ከጨለመብህ እግርህን አጣምረህ ጭንና መቀመጫህን ጨምቅ፣ ካልተሻለህ ቶሎ ተቀመጥ።

ምልክት፦ ቆመህም አይለቅም

እዚህ ጋ መለካት የግድ ነው። 5 ደቂቃ ተኝቶ መለካት፣ ከዚያ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ። ግን የልብ ምቱንም ካልጻፋችሁ ምክንያቱ አይታወቅም።

አክስቴ ተኝታ 138/82 ነበረች፣ ምቷ 70። ቆማ 112/70፣ ምቷ 96። ግፊቱ በ26 ወርዷል፣ ምቱም በ26 ጨምሯል። ማለትም ባሮሪሴፕተሮቿ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፣ የጎደለው ፈሳሹ ነው። ለግፊት የሚያሸና መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጾም ላይ ናት፣ በዚያ ሙቀት እስከ ከሰዓት ውኃ አትቀምስም።

ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ስኳር ከያዛቸው ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ተኝተው 146/84፣ ምት 78። ቆመው 110/66፣ ምት 82። ግፊቱ በ36 ሲወርድ ምቱ የጨመረው በ4 ብቻ ነው። 4ን ለ36 ስታካፍሉት 0.11 ገደማ ይመጣል። ከ0.5 በታች ሲሆን የምንጠረጥረው ነርቩን ነው፤ ስኳር ደግሞ እነዚህን ነርቮች ይጎዳል። ልዩነቱን ያሳየን ምቱ ነው፣ በግፊት ብቻ ቢሆን ሁለቱም "ወረደ" ተብለው ይታለፉ ነበር።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ነርቩ ጤነኛ ሆኖም ምቱ ብዙ አይጨምርም። ስለዚህ ስሌቱን ከማመናችሁ በፊት የመድኃኒቱን ካርቶን እዩ።

የአክስቴ መፍትሄ ቀላል ነበር፦ ሐኪሟ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰላት፣ ውኃውን ደግሞ ጾሙ በማይይዛት ሰዓት አበዛች። በራሷ ብታቆመው ግን ግፊቷ ሊንር ይችል ነበር፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ጋሼ ግን ውኃ አንሷቸው ስላልሆነ መንገዱ ይለያል። ለፕሮስቴት የሚወስዱት መድኃኒት የደም ሥር እንደሚከፍት ታወቀና ሐኪማቸው ቀየረላቸው። ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣሉ፤ ነርቩ በተጎዳ ሰው ላይ ይህ ግፊቱን ለአንድ ሰዓት ያህል ከፍ ያደርገዋል። የአልጋቸውንም ራስጌ በጣውላ ከፍ አደረግነው፣ ምክንያቱም እንደሳቸው ያለ ሰው ጠፍጣፋ ሲተኛ ሌሊት ግፊቱ ይጨምርና በሽንት ብዙ ፈሳሽ ይወጣዋል።

ተቀምጦ ወይም ሲሮጥ ራሱን የሚስት፣ ደረቱን የሚያመው፣ ሰገራው የጠቆረበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይሞክር ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጋሼን ከወር በኋላ ስለካቸው ቆመው 124/72 ሆነዋል። ምታቸው አሁንም የጨመረው በ5 ብቻ ነው። ነርቩ አልተመለሰም፣ ስለዚህ አሁንም ጠርዝ ላይ ሳይቀመጡ አይነሱም።