«ይሄ 400 ሺህ ከየት መጣ?» የገንዘብ አጠቃቀም ሠንጠረዥ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሁለት እህትማማቾች ናቸው፣ የሐዋሳ ልጆች፣ ታቦር ክፍለ ከተማ። እርጎ አምርተው ለካፌና ለሆቴል ሊያቀርቡ አስበው ድጋፍ ጠየቁ። የጠየቁት 1,400,000 ብር ነው። የገንዘብ አጠቃቀም ሠንጠረዣቸው አራት መስመር ብቻ ነበረው፦ ማሽን 700,000፣ የሥራ ማስኬጃ 400,000፣ ደመወዝ 180,000፣ ልዩ ልዩ 120,000።

ከገንዘብ ሰጪው በኩል የተቀመጡት ትልቅ ሰው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ልጆች፣ ይሄ 400 ሺህ ከየት መጣ?» አሉ።

«ለወተት መግዣ ነው ጋሼ» አለች ትልቋ።

«ስንት ሊትር? ለስንት ቀን?»

ዝም።

ወረቀቱ ተመለሰ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጡና ሁለት ቀን ቁጭ ብለን እንደገና ሠራነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከዚያ አንድ ገጽ የወጡ ናቸው። ቁጥሮቹ የእነሱ ናቸው፣ ዋጋውም የያኔው ነው። ስለዚህ አሠራሩን እንጂ ዋጋውን አትቅዱ።

ስህተት 1፦ «ማሽን» ብሎ ማለፍ

ይሄ ቀላሉ ነው። 700,000 ብር ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቃቸው ወዲያው ዘረዘሩት። ባለ 500 ሊትር የወተት ማቀዝቀዣ ታንክ 360,000፣ የማፍያ ድስት 150,000፣ ሁለት ፍሪጅ 140,000፣ ሚዛን፣ ላክቶሜትርና የወተት ጣሳ 50,000። ያውቁታል፣ ግን አልጻፉትም። አንባቢው ደግሞ ያልተጻፈውን አያውቅላችሁም።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ ላክቶሜትር ለምን? ወተት ላይ ውኃ ተጨምሮ እንደሆነ ለማየት፣ ምክንያቱም ከብዙ አርቢ ነው የሚገዙት። አለቀ። ታንኩ ላይ ግን ጥያቄ ይመጣል፤ በቀን 150 ሊትር ለሚገዛ ሰው 500 ሊትር ለምን? እነሱ መልስ ነበራቸው፤ በሁለተኛው ዓመት 300 ሊትር ለመድረስ አቅደዋል። ያ መልስ ሠንጠረዡ ላይ ካልታየ ግን ሰውየው «ትልቅ ዕቃ ያማራቸው ልጆች» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ስህተት 2፦ የዕቃውን ዋጋ እንጂ ዕቃው እስኪሠራ ያለውን ወጪ አለመቁጠር

ፕሮፎርማ ይዞ መጥቶ ዋጋውን መገልበጥ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ቫት ይታይ። አንዳንዱ ፕሮፎርማ ቫት ያካትታል፣ አንዳንዱ ከሥር በትንሽ ፊደል «ቫትን አይጨምርም» ይላል። የታንኩ 360,000 ቫት ያለበት መሆኑን ደውለን ነው ያረጋገጥነው። ባይሆን ኖሮ 15 በመቶው፣ ማለትም 54,000 ብር፣ ገና ከመጀመሪያው ጎድሎ ነበር።

ከዚያ ዕቃው የት ነው የሚረከበው? አዲስ አበባ ከሆነ እስከ ሐዋሳ ጭነት አለ፣ ማውረጃ አለ፣ ተካዩ ባለሙያ አለ። ይሄ 35,000 ሆነ። የታንኩ ኮምፕሬሰር ስሪ ፌዝ መብራት ይፈልጋል፣ የተከራዩት ቤት ደግሞ የለውም። መስመር ማስገቢያውና ስታቢላይዘሩ 78,000። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ወተት የሚፈስበት ቤት ደግሞ የሚታጠብ ወለልና የውኃ መውረጃ ያስፈልገዋል። ሴራሚኩና መውረጃው 70,000። በጠቅላላ 183,000 ብር፣ መጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ አንዱም አልነበረም። ድጋፉ እንዳለ ቢፈቀድላቸው ኖሮ ታንኩ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ የተቀመጠ ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮፎርማ የሚያገለግልበት ቀን አለው፣ ታች ላይ ይጻፋል። የውጭ ዕቃ ከሆነ ያቺን ቀን አትናቋት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲቀየር 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በሰኔ ፕሮፎርማ ሠንጠረዥ የሠራ ሰው በነሐሴ ምን እንደገጠመው አስቡት።

ስህተት 3፦ የሥራ ማስኬጃን በግምት መጻፍ

ዋናው ይሄ ነው፤ ሰውየው ጣታቸውን ያሳረፉትም እዚህ ላይ ነው። የሥራ ማስኬጃ ማለት ገንዘባችሁ ወጥቶ ተመልሶ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የሚያቆያችሁ ብር ነው። ስለዚህ መነሻው «ስንት ይበቃናል» አይደለም። መነሻው «ገንዘቡ ስንት ቀን ውጭ ያድራል» ነው።

እስቲ በቀን በቀን እንየው። በቀን 150 ሊትር ወተት፣ ሊትሩ 80 ብር፣ 12,000 ብር። ለእርሾ፣ ለማሸጊያ ኩባያ፣ ለመብራትና ለማድረሻ በቀን 3,000። እርጎው በማግስቱ ይደርሳል። ሊትሩን 140 ብር ይሸጡታል፣ የቀኑ ሽያጭ 21,000 ነው። ሲሶው፣ ማለትም 7,000 ብሩ፣ በራሳቸው ሱቅ በእጅ በእጅ ይሸጣል። የቀረው ለካፌና ለሆቴል ነው፣ እነሱ ደግሞ የሚከፍሉት በ15 ቀን ነው። አርቢዎቹ የሚከፈላቸው በየሳምንቱ።

እንግዲህ የመጀመሪያው የሆቴል ብር የሚገባው በ17ኛው ቀን ነው። እስከዚያ አርቢዎች ሁለት ጊዜ ይከፈላቸዋል፣ የ14 ቀን ወተት፣ 168,000። ሌላው ወጪ 17 ቀን በ3,000፣ 51,000። ድምሩ 219,000። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሱቁ ላይ የሚገባው የ16 ቀን ብር 112,000 ነው። ሲቀነስ 107,000 ብር ቀረ። የሚያስፈልጋቸው ይሄ ነው እንጂ 400,000 አይደለም።

ታናሿ ይሄን ስታይ ደነገጠች። «ታዲያ ለጾሙስ?» አለች።

ልክ ናት። እኔ ረስቼው ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሐዋሳ ላይ ጴንጤውም ሙስሊሙም ስላለ ሽያጩ ጨርሶ አይቆምም፣ እነሱ በሲሶ ይቀንሳል ብለው ገመቱ። ማለትም በቀን 100 ሊትር ይበቃቸዋል። ችግሩ ላሟ አትጾምም። አርቢውን በጾም «የ50 ሊትሩን አንፈልግም» ካላችሁት ከፋሲካ በኋላ ወተቱን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። ስለዚህ 50ውን ሊትር ገዝተው ቅቤና አይብ ሊያወጡበት ወሰኑ፣ ቅቤውም ለፋሲካ ይሸጣል። 50 ሊትር በ80 ብር፣ ለ55 ቀን፣ 220,000 ብር ታስሮ ይቆያል። ግማሹን ከሽያጫቸው እንሸፍናለን አሉ፣ ግማሹን ማለትም 110,000 ጠየቁ።

107,000 እና 110,000 ሲደመር 217,000። ከ400,000 በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ማንም ቢጠይቅ መልስ አለው። የጾሙን ስሌት ደግሞ ገንዘብ ሰጪው ራሱ ያስባል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ጻፉት።

ስህተት 4፦ ደመወዝ ለስንት ወር እንደሆነ አለመናገር

180,000 የመጣው ሦስት ሠራተኛ በ6,000 ብር ለ10 ወር ተብሎ ነው። ለምን 10? «እንዲበቃ።» ግን ሽያጭ ካለ ደመወዝ ከሽያጭ ነው የሚከፈለው። ድጋፉ የሚሸፍነው ሥራው በእግሩ እስኪቆም ያለውን ጊዜ ነው፣ የእነሱ ሦስት ወር ነው። በዚያ ላይ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተረስቷል። በወር 18,000 ሳይሆን 19,980፣ በሦስት ወር 59,940። እንዲህ ያለ ያልተጠጋጋ ቁጥር ሲታይ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳሰላው ያስታውቃል።

ስህተት 5፦ «ልዩ ልዩ»

ይሄን ቃል አጥፉት። ውስጡ ያለው የሚታወቅ ነገር ከሆነ በስሙ ይጻፍ። የማይታወቅ ከሆነ «መጠባበቂያ» በሉት፣ ምን እንደሚጠባበቅም ንገሩ። ብዙ ሰው 10 በመቶ ብሎ ያልፋል፣ አንዳንድ ቦታም ይቀበሉታል፤ እኔ ግን አልወደውም። እህትማማቾቹ የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፦ ሆቴሎቹ አንድ ሳምንት ቢያዘገዩስ? ያ ሳምንት 84,000 ለወተትና 21,000 ለሌላው ይጠይቃል፣ ከሱቅ 49,000 ይገባል። ልዩነቱ 56,000። መጠባበቂያው እሱ ሆነ።

ስህተት 6፦ የራስን መዋጮ መደበቅ

ትልቋ አንድ ደህና ፍሪጅ ነበራት፣ የቤት ኪራይም በወር 12,000 ሒሳብ የስድስት ወር ቀድመው ከፍለዋል። ሁለቱንም አልጻፉም፣ «የእኛ ነገር ምን ያደርጋል» ብለው። የእናንተ ብር የሚታይበት ሠንጠረዥ ነው እኮ ሰጪውን የሚያደፋፍረው። ፍሪጁን በዛሬ ዋጋው 70,000 ብለን፣ ኪራዩን ከነደረሰኙ፣ በራሱ ዓምድ አስቀመጥነው። አዲሱ ይሄን ይመስላል፦

| ወጪ | ከሰጪው (ብር) | ከራሳቸው (ብር) |
|---|---|---|
| ማሽንና ዕቃ | 630,000 | 70,000 |
| ጭነት፣ ተከላ፣ መብራት፣ ወለል | 183,000 | – |
| የሥራ ማስኬጃ | 217,000 | – |
| ደመወዝና ጡረታ፣ 3 ወር | 59,940 | – |
| መጠባበቂያ | 56,000 | – |
| ኪራይ፣ 6 ወር | – | 72,000 |
| ድምር | 1,145,940 | 142,000 |

የየመስመሩ ስሌት በሁለተኛ ገጽ ተጽፎ ተያይዟል። ያረጀ ዕዳ መክፈያ ግን እዚህ ውስጥ እንዳትከቱ፤ አብዛኛው ሰጪ የሚከፍለው ወደፊት ለሚሠራ ነገር ነው።

ስህተት 7፦ ሠንጠረዡን ቀይሮ ሌላውን ገጽ መርሳት

መስመር በቀየራችሁ ቁጥር ደብዳቤውን፣ ማጠቃለያውንና የሽያጭ ትንበያውን ክፈቱ። እኛ ሁሉንም ያስተካከልን መስሎን ሊታተም ሲል ታናሿ «ቆይ ቆይ» አለች። የማመልከቻው ደብዳቤ የመጀመሪያው መስመር ላይ 1,400,000 እንዳለ ነበር።